ታክስ ፋይል ባልተደረገበት ዓመት አይአርኤስ በግምት ያወጣው ዕዳ በትክክለኛው ቁጥር የሚተካው እንዴት ነው?

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወገኖቻችንን ታክስ ስሠራ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ሰውየው የሆነ ዓመት ላይ ታክስ ሳያሠራ ያልፋል። የሚከፍለው ገንዘብ ስላልነበረው ይሆናል፣ ወረቀቱ ስላልተሟላለት ይሆናል፣ ወይም አገር ቤት ሄዶ ሲመለስ ጊዜው አልፎበት ይሆናል። ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ምንም ሳይሰማ ይቆይና አንድ ቀን ከአይአርኤስ ወፍራም ደብዳቤ ይመጣለታል። ደብዳቤው ላይ ገቢው፣ ታክሱ፣ ቅጣቱና ወለዱ ተሰልቶ ሃያና ሠላሳ ሺህ ዶላር ተጽፎበታል። አብዛኛው ሰው ይህን ሲያይ ወይ ደንግጦ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፣ ወይ ደግሞ «መንግሥት ካለ አለ ነው» ብሎ ይፈርማል። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ ያስከፍላሉ፤ ምክንያቱም ያ ቁጥር ግምት ነው፣ በትክክለኛው ሒሳብ ሊተካም ይችላል።

አይአርኤስ ይህን የማድረግ ሥልጣን ያገኘው ከአሜሪካ የግብር ሕግ ከአንቀጽ 6020 ነው። ፋይል ማድረግ የነበረበት ሰው ካላደረገ፣ መሥሪያ ቤቱ በእጁ ባለው መረጃ በሰውየው ፈንታ ታክሱን ይሠራል። በእጁ ያለው መረጃ ደግሞ ሌሎች ስለ እርስዎ የላኩለት ብቻ ነው፦ አሠሪ የላከው ደብሊው-2፣ ባንክ የላከው የወለድ ወረቀት፣ ኡበር የላከው 1099-ኬ። እነዚህ ሁሉ ወደ እርስዎ የገባውን ይናገራሉ። ለሥራው ከኪስዎ የወጣውን የሚናገር ወረቀት ግን አይአርኤስ ዘንድ የለም። ስለዚህ ግምቱ የሥራ ወጪ አይቀንስም፣ ለልጆች የሚሰጠውን ክሬዲት አያስብም፣ ባለትዳር ቢሆኑም ከሚስትዎ ወይም ከባልዎ ጋር በጋራ እንዳቀረቡ አይቆጥርዎትም። ወይ ላጤ ያደርግዎታል፣ ወይ ባለትዳር ሆነው ለብቻዎ ያቀረቡ። ለሁሉም የሚሰጠውን መደበኛ ተቀናሽ ብቻ ይሰጥዎታል።

ለተቀጣሪ ሠራተኛ ጉዳቱ ያን ያህል ላይከፋ ይችላል፤ ታክሱ ከደመወዙ ላይ ሲቆረጥ ስለቆየ ያ ይታሰብለታል። የሚጎዳው ሾፌሩ ነው። 1099-ኬ የሚያሳየው ተሳፋሪው የከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብ ነው፤ ኡበር የወሰደው ድርሻ ሳይቀር እዚያ ውስጥ አለ። አይአርኤስ በግምት ሲሠራ ሾፌሩ እጁ ላይ እንኳ ባልደረሰ ገንዘብ ላይ ታክስ ይጥልበታል ማለት ነው።

አንድ ሒሳብ ከፍተን እንየው

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር ሾፌር እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው፣ አሠራሩ ግን ያው የዕለት ተዕለቱ ነው። ባለትዳር ነው፣ ሁለት ትናንሽ ልጆች አሉት፣ ባለቤቱ ሥራ አልነበራትም። እ.ኤ.አ. የ2023 ታክሱን አላሠራም። ኡበር ለአይአርኤስ የላከው 1099-ኬ 78,000 ዶላር ይላል።

የአይአርኤስ ግምት እንዲህ ይሄዳል። 78,000ውን በሙሉ የተጣራ ትርፍ አድርጎ ይወስደዋል። በዚያ ላይ የግል ሠራተኛ የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ 11,021 ዶላር ይመጣል። የገቢ ታክሱ ደግሞ መደበኛው ተቀናሽ 13,850 ዶላር ከተቀነሰ በኋላ 8,208 ይሆናል። ድምሩ 19,229 ዶላር ነው። ፋይል ባለማድረግ የሚጣለው ቅጣት በአምስት ወር ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከታክሱ 22.5 በመቶ፣ ማለትም 4,327 ዶላር ገደማ። በዘገየ ክፍያ ላይ በየወሩ ግማሽ በመቶ ይጨመራል፤ ደብዳቤው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2026 ቢደርሰው 22 ወር አልፏልና 2,115 ዶላር ነው። ወለዱና በየሩብ ዓመቱ ቅድሚያ ክፍያ ባለመክፈሉ የሚመጣው ቅጣት ገና ሳይደመር ዕዳው 25,600 ዶላር ያልፋል።

አሁን እውነተኛውን እንሥራ። ኡበር ከ1099-ኬው ጋር የዓመት ማጠቃለያ ወረቀት ለሾፌሩ ያዘጋጃል፤ ሾፌሩ ከራሱ ገጽ ላይ ያወርደዋል። ማጠቃለያው ላይ የኡበር ድርሻና ልዩ ልዩ ክፍያ 21,000 ዶላር ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ለሥራ የነዳው 38,000 ማይል ነው። በ2023 ለአንድ ማይል የሚፈቀደው ተቀናሽ 65.5 ሳንቲም ስለነበር 24,890 ዶላር ይሆናል። የመንገድ ቶልና የስልኩ የሥራ ድርሻ 1,400 ነው እንበል። ሦስቱ ሲደመሩ 47,290 ዶላር ወጪ ነው። ከ78,000ው ላይ ሲነሣ የሚቀረው ትርፍ 30,710 ዶላር ብቻ ነው።

ከዚህ ትርፍ ላይ የግል ሠራተኛ ታክሱ 4,339 ዶላር ነው። ከባለቤቱ ጋር በጋራ ሲያቀርቡ መደበኛው ተቀናሽ 27,700 ስለሆነ የገቢ ታክሱ 70 ዶላር እንኳ አይሞላም፤ እሱንም የልጆች ክሬዲት ያጠፋዋል። ከልጆች ክሬዲት ተመላሽ የሚሆነው ክፍል 3,200 ዶላር ነው። ሠርተው ዝቅተኛ ገቢ ላገኙ ቤተሰቦች የሚሰጠው ክሬዲት ደግሞ በዚህ ገቢና በሁለት ልጅ 6,500 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ክሬዲቶች 4,339ን ከፍለው ከ5,300 ዶላር በላይ ያተርፋሉ። የሚከፈል ታክስ ስለሌለ በታክሱ መቶኛ የሚሰላው ቅጣትም የሚይዘው ነገር ያጣል።

ሃያ አምስት ሺህ ዶላር ዕዳ ተብሎ የመጣው ሰው መንግሥት ገንዘብ ሊመልስለት የሚገባ ሰው ነበር ማለት ነው። ለዚያ ግን ሁለቱ ወላጆችና ልጆቹ ለሥራ የሚያገለግል የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በጊዜው የነበራቸው መሆን አለባቸው። ይህ በተለይ አዲስ መጥተው ቁጥሩ የዘገየባቸውን ቤተሰቦች ይመለከታል።

ለሁሉም ሰው እንዲህ አያምርም። ያው ሾፌር ላጤና ልጅ የሌለው ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው 30,710 ዶላር ትርፍ የግል ሠራተኛ ታክሱና የገቢ ታክሱ ተደምረው 5,500 ዶላር ገደማ ይመጡበታል። ቅጣቱና ወለዱም በዚህ ቁጥር ላይ እንደገና ይሰላሉ። ዕዳ አለበት፣ ግን ከ19,229 ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በ IRS.gov ላይ ተመዝግቦ በየወሩ ሊከፍለው የሚችለው ዓይነት ዕዳ ነው።

ደብዳቤው የትኛው ነው?

መንገዱ የሚወሰነው ጉዳዩ በደረሰበት ደረጃ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የደብዳቤውን ጥግ ይመልከቱ። ቁጥሩ እዚያ ተጽፏል። ሲፒ 59 ከሆነ ገና ማስታወሻ ነው፤ «ታክስዎን አላየንም» ይላል፣ ግምትም የለበትም። በዚህ ጊዜ ፋይል ያደረገ ሰው ከዚህ በታች ያለው ጣጣ ሁሉ አያገኘውም።

ቀጥሎ የሚመጣው በተለምዶ የ30 ቀን ደብዳቤ የሚባለው ነው፤ ቁጥሩ 2566 ነው። ግምቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ግን ገና «እንዲህ ልናደርግ አስበናል» የሚል ሐሳብ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ትክክለኛውን ታክስ ሠርተው ከላኩ በአብዛኛው እዚያው ያልቃል።

ካልተመለሰለት የ90 ቀን ደብዳቤ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ሲፒ 3219 ኤን የሚል ቁጥር አለው፤ በአደራ ደብዳቤ ይላካል። ከሁሉም የሚበልጠው ደብዳቤ ይህ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ለአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት አቤቱታ ማስገባት ይቻላል፤ ደብዳቤው ከአሜሪካ ውጪ ላለ ሰው የተላከ ከሆነ 150 ቀን ነው። የመጨረሻው ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ፍርድ ቤት ታክሱን አስቀድመው ሳይከፍሉ የሚከራከሩበት ነው። ማመልከቻው 60 ዶላር ነው፣ አቅም የሌለው ከክፍያው ነፃ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል፣ በ dawson.ustaxcourt.gov ላይ ያለ ጠበቃም ማስገባት ይቻላል። የአንድ ዓመት ክርክሩ ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ ቀለል ባለው ሥርዓት ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ረጋ ብለን እንየው። ሰውየው በሃምሳኛው ቀን ታክሱን ሠርቶ በደብዳቤው አድራሻ ይልካል። «ልኬአለሁ» ብሎ ይቀመጣል። አይአርኤስ ግን ፖስታውን ከፍቶ ለማየት ወራት ሊፈጅበት ይችላል፣ 90 ቀኑ ደግሞ እየሮጠ ነው። ታክሱን መላክ ቀኑን አያቆመውም። ስልክ ደውለው «ደርሶናል፣ እያየነው ነው» ቢባሉም አያቆመውም። ቀኑን የሚጠብቀው ለፍርድ ቤቱ የሚገባው አቤቱታ ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነና ሰባ፣ ሰባ አምስት ቀን አልፎ ከአይአርኤስ መልስ ካልመጣ፣ አቤቱታውን ማስገባት ይሻላል። አቤቱታ ስላስገቡ ብቻ ዳኛ ፊት ቆመው ይከራከራሉ ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ ወደ አይአርኤስ ይግባኝ ክፍል ይሄድና የላኩት ታክስ ታይቶ በስምምነት ይዘጋል።

ከዚሁ ደብዳቤ ጋር ፎርም 5564 የሚባል አንድ ገጽ ይመጣል። ፊርማ የሚጠይቅ ወረቀት ስለሆነ ብዙ ሰው መልስ መስጫ ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን «በግምቱ ተስማምቻለሁ፣ ወደ ፍርድ ቤት አልሄድም» ነው። ቁጥሩ ልክ ነው ካላሉ አይፈርሙት።

አድራሻ የቀየረ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ። ሕጉ ደብዳቤው እጅዎ ላይ መድረሱን አይጠይቅም፤ አይአርኤስ በሚያውቀው በመጨረሻው አድራሻዎ መላኩ ይበቃዋል። ከአፓርታማ ወደ አፓርታማ የተዛወረ ሾፌር 90 ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው ብዙ ጊዜ የሚሰማው። አድራሻ ማስቀየሪያው ፎርም 8822 ነው።

90 ቀኑ ካለፈስ?

ካለፈ ግምቱ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል፤ የክፍያ መጠየቂያው መምጣት ይጀምራል፣ ቀጥሎም ባንክ አካውንትና ደመወዝ ወደ መያዝ ሊሄድ ይችላል። ያኔም ቢሆን አልተዘጋም። አይአርኤስ ራሱ የዘረጋው እንደገና የማየት ሥርዓት አለ፤ መግለጫው ኅትመት 3598 ላይ ይገኛል። የሚላከው ያው የተፈረመ ታክስ ነው፣ ከደብዳቤው ቅጂና ግምቱ በዚህ እንዲተካ ከሚጠይቅ አጭር ማመልከቻ ጋር። ልዩነቱ በ90 ቀኑ ውስጥ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት ነበረዎት፤ አሁን የአይአርኤስን ፈቃደኝነት ነው የሚጠብቁት። ቢከለክል የሚሄዱበት በር ጠባብ ነው። ጥያቄው እስኪታይ ድረስ ማስከፈሉ በራሱ አይቆምም፤ ደውሎ እንዲያዘገዩ መጠየቅ ያስፈልጋል። ንብረት ሊያዝ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ በፎርም 12153 ጉዳይዎ እንዲሰማ ቀጠሮ መጠየቅ መብት ነው፤ ያንን ቀን አያሳልፉ።

ሌላ መጨረሻ ቀን አለ፤ ብዙዎች የሚያጡት እሱን ነው። ተመላሽ ገንዘብ የሚጠየቀው ታክሱ ፋይል መደረግ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። የ2023 ታክስ መድረስ የነበረበት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2024 ስለነበር፣ የአሌክሳንድሪያው ሾፌር 5,300 ዶላሩን የሚያገኘው እስከ ሚያዝያ 15 ቀን 2027 ካቀረበ ነው። ከዚያ በኋላ ዕዳውን ማስቀነስ ይችላል፣ ገንዘቡ ግን አይመለስለትም። በዚያው ቀን ሌላም ነገር ይዘጋል፤ የግል ሠራተኛ ገቢ ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚቆጠርለት ዓመቱ ካለቀ በኋላ በሦስት ዓመት ከሦስት ወር ከ15 ቀን ውስጥ ካሳወቀ ነው። ዘግይቶ ያሳወቀ ታክሱን ይከፍላል፣ ለጡረታው ግን ላይቆጠርለት ይችላል። ጡረታ ለመውጣት ዓመታት ለሚቆጥር ሾፌር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታክሱን ሲሠሩ

መጀመሪያ አይአርኤስ የሚያውቀውን ይወቁ። በ IRS.gov ላይ አካውንት ከፍተው ሁለት ወረቀት ያውርዱ። አንደኛው Wage and Income Transcript ነው፤ በዚያ ዓመት ሌሎች ስለ እርስዎ የላኩት ሁሉ እዚያ ተዘርዝሯል። የረሱት የሊፍት 1099 ወይም የባንክ ወለድ እዚያ ይገኛል። ሁለተኛው Account Transcript ነው። እዚያ ላይ በ150 ቁጥር አጠገብ አይአርኤስ በእርስዎ ፈንታ ታክስ እንዳዘጋጀ የሚገልጽ መስመር ካለ ግምቱ ተሠርቷል ማለት ነው። 290 በሚል ቁጥር ተጨማሪ ታክስ ከተመዘገበ ደግሞ ግምቱ ዕዳ ሆኗል፤ 90 ቀኑም አልፏል።

የሚሞላው የዚያው ዓመት ፎርም 1040 ነው፤ ለ2023 የ2023ቱ እንጂ የዘንድሮው አይደለም። ማስተካከያው ፎርም 1040-ኤክስም አይደለም፤ ማስተካከያ አስቀድሞ እርስዎ ያቀረቡት ነገር ሲኖር ነው፣ እርስዎ ደግሞ ለዚያ ዓመት ገና ምንም አላቀረቡም። ይህ በሌላ በኩል ይጠቅማል። አይአርኤስ ለብቻዎ እንዳቀረቡ አድርጎ ስለሠራው ብቻ ከባለቤትዎ ጋር በጋራ ማቅረብ አይከለከሉም። በጋራ ሲያቀርቡ ግን ሁለታችሁም መፈረም አለባችሁ፣ ዕዳ ቢኖርም ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ። ፊርማ የጎደለው ታክስ እንዳልቀረበ ይቆጠራል፤ ወራት ጠብቀው የተመለሰላቸውን ሰዎች አይቻለሁ፣ ያውም ለአንድ የባለቤት ፊርማ።

የሾፌሩ ሒሳብ የሚሠራው ስኬጁል ሲ ላይ ነው። እዚህ የምለምነው አንድ ነገር አለ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ 78,000ውን በሙሉ ይጻፉ። ብዙ ሾፌር ባንክ የገባለትን 57,000 ብቻ ይጽፋል፤ «የደረሰኝ ይሄ ነው» ይላል፣ እውነትም ነው። ነገር ግን የአይአርኤስ ኮምፒውተር 1099-ኬውን ከመጀመሪያው መስመር ጋር ያመሳክራል፤ 21,000 ሲጎድልበት ገቢ ደበቁ ብሎ ሌላ ደብዳቤ ያወጣል። 78,000ውን መጀመሪያው መስመር ላይ፣ የኡበርን 21,000 አሥረኛው መስመር ላይ፣ ማይሉን ዘጠነኛው መስመር ላይ ሲያስቀምጡ ውጤቱ ያው ነው፣ ቁጥሩም ይገጥማል።

ማይሉ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ለመኪና ወጪ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ቀኑ፣ ርቀቱና ምክንያቱ መታወቅ አለበት፣ «በግምት ይህን ያህል ነድቻለሁ» አይበቃም። መዝገብ ያልያዘ ሰው ከየት ያምጣው? የኡበር ማጠቃለያ አፑ ክፍት ሆኖ የተነዳውን ማይል ይሰጣል፤ መነሻው እሱ ይሁን። የሊፍትም እንዲሁ አለው። መኪናው በዓመቱ ውስጥ በጠቅላላ የሄደውን ደግሞ የዘይት መቀየሪያ ደረሰኞች ይናገራሉ፤ ጋራዡ በየጊዜው የማይሉን ቁጥር ስለሚጽፍ፣ የጥርን ደረሰኝ ከታኅሣሡ ቀንሶ ማየት ይቻላል። መኪናው በዓመቱ 41,000 ማይል ከሄደና 38,000 ለሥራ ነው ካሉ ቤተሰቡ ለግሉ 3,000 ብቻ ነዳ ማለትዎ ነው፤ ሌላ መኪና ቤት ውስጥ ከሌለ የሚያምንዎት የለም። ከቤት እስከ መጀመሪያው ሥራ መነሻ ያለው መንገድም በመደበኛው እንደ ሥራ አይቆጠርም። በማይል ከቀነሱ ቤንዚን፣ ጥገናና ኢንሹራንስ ለብቻው አይቀነስም፤ ማይሉ ውስጥ አለ። ቶልና የሥራ ፓርኪንግ ግን ለብቻቸው ይቀነሳሉ።

«እኔ ዜሮ አመጣልሃለሁ» የሚል ታክስ ሠሪ ካገኙ ይሽሹ። ግምት ያወጣበት ሰው ያቀረበውን ታክስ አይአርኤስ ከሌላው ጠለቅ አድርጎ ሊያየው ይችላል፣ ማስረጃም ሊጠይቅ ይችላል። የተጋነነ ማይል ተገኝቶ ክሬዲቱ በቸልተኝነት ተጠይቋል ከተባለ የዝቅተኛ ገቢ ክሬዲቱን ለሁለት ዓመት ያስከለክላል። የሚጠየቀው የፈረመው ሾፌሩ ነው። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች በየከተማው በነፃ ወይም በጥቂት ክፍያ ከአይአርኤስ ጋር የሚከራከሩ የታክስ ክሊኒኮች አሉ። ከአይአርኤስ የተለዩ ናቸው፣ ፍርድ ቤትም ይቆማሉ፤ 90 ቀኑ የጀመረበት ሰው መጀመሪያ መደወል ያለበት ወደ እነሱ ነው።

ሲልኩ ደብዳቤው ላይ ወዳለው አድራሻ፣ ከደብዳቤው ቅጂ ጋር፣ በሰርቲፋይድ ሜይል ይላኩ። ደረሰኙንና የሁሉንም ገጽ ቅጂ ይያዙ። ሌላ ያልተሠራ ዓመት ካለ አብሮ ይሠራ፤ አይአርኤስ በመደበኛው አሠራሩ የሚጠይቀው የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ነው። ፋይል ማድረግ የሚሰጠው ሌላም ጥቅም አለ፦ አይአርኤስ በግምት የሠራው ታክስ የሦስት ዓመቱን የምርመራ ጊዜ አያስጀምርም፣ እርስዎ ያቀረቡት ግን ያስጀምራል።

ግምቱ መነሣቱ የሚታወቀው Account Transcript ላይ ነው። 291 በሚል ቁጥር ቀድሞ የተጣለው ታክስ ተቀንሶ ሲታይ ያኔ ተተክቷል ማለት ነው። ቅጣቱና ወለዱም አብረው መቀነሳቸውን እዚያው ይመልከቱ። ይህ እስኪታይ በየወሩ መግባት ነው፤ መልስ ደብዳቤ ብቻ የጠበቀ ሰው አንዳንዴ የማስከፈያ ደብዳቤ ቀድሞ ይደርሰዋል።

ግሪን ካርድ ይዞ ለዜግነት የሚያመለክት ሰው ፎርም ኤን-400 ላይ ጊዜው ያለፈ የፌዴራል፣ የስቴት ወይም የአካባቢ ታክስ ዕዳ አለብዎት ወይ የሚል ጥያቄ ያገኛል። በግምት የተመዘገበው ዕዳም ዕዳ ነውና ከማመልከቻው በፊት ማስተካከሉ ይመረጣል። ስቴቱም አይረሳ። አይአርኤስ መረጃውን ከስቴቶች ጋር ስለሚለዋወጥ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ በዚያው ቁጥር የራሳቸውን ግምት ሊያወጡ ይችላሉ። የፌዴራሉ ሲስተካከል የስቴቱ በራሱ አይስተካከልም፤ የስቴቱ ታክስ ለብቻው ተሠርቶ፣ ከፌዴራሉ ቅጂ ጋር ወደ ስቴቱ የገቢ መሥሪያ ቤት መላክ አለበት።